የዓይን ቆብ እብጠትና የሙቅ ጨርቅ ነገር

የዓይን ቆቤ ላይ እብጠት ወጣብኝ ብሎ ክሊኒክ የሚመጣ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴትራሳይክሊን ሲቀባ ከርሞ ነው የሚመጣው። አይፈረድበትም። ቅባቷን በትራኮማ የተነሳ ሁሉም ያውቃታል፣ ዋጋዋም አይከብድም፣ ከጎረቤትም ትገኛለች። ችግሩ ግን አብዛኛው የዓይን ቆብ እብጠት በዚህች ቅባት የሚጠፋ አለመሆኑ ነው። የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ሙቀቱም ደግሞ በትክክል ካልተሰጠ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የዓይን ቆብን ጠርዝ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። መስታወት ፊት ቁሙና የታችኛውን ቆብ በጣታችሁ ትንሽ ወደ ታች ሳቡት። ከሽፋሽፍቱ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ጠርዙ ላይ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረው ታያላችሁ። የዘይት ዕጢዎች አፍ ናቸው። ሜይቦሚያን ይባላሉ። ላይኛው ቆብ ውስጥ 30 አካባቢ፣ ታችኛው ውስጥ ከ20 በላይ አሉ። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ትንሽ ዘይት ይተፋሉ። ዘይቱ በእንባው ላይ እየተንሳፈፈ እንባው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል።

ዘይቱ ጤነኛ ሲሆን በሰውነታችን ሙቀት ቀልጦ ይፈሳል። ዕጢው ሲታመም ግን ዘይቱ ይወፍራል። የዓይን ቆብ ሙቀት ከ33 እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የወፈረውን ዘይት ለማቅለጥ አይበቃም። ቅቤ በሐምሌ ጠዋት ዕቃው ውስጥ እንደሚረጋው፣ ዘይቱም እዚያው ቱቦው ውስጥ ይረጋል። አፉን ይደፍናል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ሦስት ዓይነት መልክ አለው።

የመጀመሪያው ብሌፋራይቲስ ነው፤ የቆቡ ጠርዝ ራሱ ሲቆጣ ማለት ነው። ጠዋት ዓይን ተጣብቆ ይነሳል። የሽፋሽፍቱ ሥር ላይ ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይቀመጣል። ጠርዙ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ከሰዓት በኋላ ዓይን ይቃጠላል። አሸዋ የገባበት ይመስላል። አንዳንዱ ሰው እንባው ይፈሳል፤ የሚገርመው ደግሞ ዓይኑ ደረቅ መሆኑ ነው። ዘይት ስለሌለው እንባው ይተንና ዓይኑ ይቆጣል፣ የተቆጣው ዓይን ደግሞ ያለቅሳል። ብሌፋራይቲስ አንዴ ታክሞ የሚያልቅ በሽታ አይደለም። ይመጣል፣ ይሄዳል። እንደ ጥርስ ማጽዳት በየቀኑ እየተንከባከቡት የሚኖር ነው።

ሁለተኛው ስታይ ነው። ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ፣ የሽፋሽፍት ሥር ወይም አንዱ ዕጢ ውስጥ ገብቶ መግል ሲቋጥር ማለት ነው። ትንሽ ብጉንጅ በሉት። በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ያማል። ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ቢጫ ነጥብ ያወጣና ራሱ ይፈነዳል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል።

ሦስተኛው ካላዚዮን ነው። ይህ ኢንፌክሽን አይደለም። የተደፈነው ዕጢ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ዙሪያው ሥጋ ይፈስስና፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ዙሪያውን ይከበዋል። ቀስ ብሎ ያድጋል። አያምም፣ ወይም መጀመሪያ ላይ ትንሽ አሞ ይተዋል። ቆቡን በጣት ሲዳስሱት ቆዳው ከላይ ይንሸራተታል፣ እብጠቱ ግን ከሥር ጠንከር ብሎ ይቆማል። ስታይ የነበረ ነገር ሕመሙ ጠፍቶ እብጠቱ ብቻ ሲቀርም ወደ ካላዚዮን ተለወጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ቴትራሳይክሊን ለምን እንደማይሠራ እዚህ ላይ ይገባናል። ካላዚዮን ውስጥ የሚገደል ባክቴሪያ የለም። የረጋ ዘይት ነው ያለው። ዘይትን ደግሞ አንቲባዮቲክ አያቀልጠውም።

አንድ ጎረቤቴን ላንሳ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ልብስ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ዓይኗ መርፌው ላይ ነው። ይህ ራሱ አንድ ነገር ነው፤ አተኩሮ የሚያይ ሰው ዓይኑን እምብዛም አያርገበግብም፣ ካላርገበገበ ደግሞ ዘይቱ ከዕጢው አይወጣም። ቀኝ ዓይኗ ላይኛው ቆብ ላይ አተር የምታክል እብጠት ወጥታባት መጣች። አታምም፤ ግን ሲያዩባት ታፍራለች።

«መጀመሪያ ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሸሁበት» አለችኝ። «ከዚያ ቅባቱን ገዛሁ። ሁለት ቱቦ ጨረስኩ፣ ምንም ለውጥ የለውም።»

ዳማከሴው ላይ ትንሽ ልቆጣ ብዬ ተውኩት። ቆብ ላይ የታሸ ቅጠል ጭማቂው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ይለበልባል፣ ንጹሕም አይደለም። ዳማከሴ ሌላ ቦታ የሚሆነው ይሁን፣ ከዓይን ግን ይራቅ።

ቆቧን ገልብጬ አየሁ። ከውስጥ በኩል፣ እብጠቷ ባለችበት ቦታ፣ ቀላ ያለ ክብ ምልክት አለ። የቀሩትን የዕጢ አፎች በጥጥ ባለው እንጨት ቀስ አድርጌ ስጫናቸው፣ መውጣት የነበረበት ጥርት ያለ ዘይት አልወጣም። ነጭና ወፍራም ነገር ነው ቀስ ብሎ ብቅ ያለው። የግራ ዓይኗም እንደዚያው ነበር። ያመጣት አንዷ እብጠት ናት፤ የታመመው ግን የሁለቱም ዓይኖቿ ቆብ ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ይጣበቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እሱማ ድሮም ነው፤ የኮዬ አቧራ ነው እኮ» አለች። አቧራውስ አለ፤ ግን ዓይኗን የሚያጣብቀው እሱ ብቻ አልነበረም።

ሙቅ ጨርቅ ሞክረሽ ነበር ወይ ስላት፣ አዎ አለች። እንዴት እንዳደረገችው አሳዪኝ አልኳት። ጨርቁን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ዓይኗ ላይ አደረገች። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይዛ አነሳችው። ይህንንም ስታስታውስ ማታ ማታ ብቻ ነበር የምታደርገው።

ሙቅ ጨርቅ አልሠራልኝም የሚለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚስተው እዚህ ጋ ነው። እርጥብ ጨርቅ ከውሃ በወጣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ወይም ማታ በሚቀዘቅዘው የእኛ አየር ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ዕጢው ያለው ቆዳው ላይ አይደለም፣ ቆቡ ውስጥ ነው። ሙቀቱ እዚያ ዘልቆ የረጋው ዘይት ወደ 40 ዲግሪ እስኪጠጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ለአንድ ደቂቃ ተኩል የተያዘ ጨርቅ ቆዳውን ያሞቃል፣ ዘይቱን ግን ሳይነካው ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ እንዲህ አደረግን። ፔርሙስ አላት፤ ጠዋት ሻይ ስታፈላ ሙሉውን ፔርሙስ የፈላ ውሃ ትሞላለች። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ከጀሪካን የምትቀዳው ነው፤ ዓይን ላይ የሚደረግ ውሃ መፍላት አለበት፣ ለማቀዝቀዣ የምትጨምረውም ቀድሞ ፈልቶ የበረደ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ከሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል 42 እና 43 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ልክ የሚፈለገው እሱ ነው። ፔርሙስ ውስጥ ቆይቶ የበረደ ውሃ ከሆነ ቀዝቃዛውን ትንሽ መቀነስ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ድብልቁን የእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው፤ ደስ የሚል ሙቀት መሆን አለበት። እጅን ካቃጠለ ለዓይን ቆብ አይሆንም። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ የሳሳ ነው።

ጨርቁ ንጹሕ ፎጣ ይሁን፣ ሦስት አራት ጊዜ የታጠፈ። ስስ ጨርቅ ሙቀት አይዝም። ነክሮ፣ ጨምቆ፣ የተጨፈነ ዓይን ላይ ማስቀመጥ። ከላዩ ደረቅ ጨርቅ ሲደረብበት ሙቀቱ ይቆያል። በየሁለት ደቂቃው መልሶ መንከር። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ሲበርድ ደግሞ ከፔርሙሱ ትንሽ መጨመርና እንደገና አንጓ ላይ መሞከር። ሁሉም ተደምሮ 10 ደቂቃ ይሁን። ካላዚዮን ላለበት ሰው ይህ በቀን 4 ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። እሷ አራቱን አልቻለችም፣ ደንበኛ አለባት፤ ሦስት ጊዜ ላይ ተስማማን።

አንዳንድ ሰው የተቀቀለ እንቁላል ወይም ድንች በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል። ሙቀቱን ስለሚይዝ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ከድስት የወጣ እንቁላል ውስጡ ምን ያህል እንደሞቀ ከላዩ አይታወቅም፣ ቆቡ የተላጠ ሰው አይቻለሁና አልመክረውም። እንፋሎት ላይ ፊትን መድፋትም እንደዚያው ነው።

ሙቀቱ እንዳለቀ ወዲያው ማሸት ይከተላል። ወዲያው ያልኩት በምክንያት ነው፤ ዘይቱ የቀለጠው አሁን ነው፣ ትንሽ ከቆየ መልሶ ይረጋል። በታጠበ እጅ፣ በአንድ ጣት፣ ላይኛውን ቆብ ከላይ ወደ ታች፣ ታችኛውን ከታች ወደ ላይ፣ ሁልጊዜ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ። አምስት አሥር ጊዜ። የሚታሸው ቆቡ ነው፣ የዓይን ኳሱን መጫን አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እይታ ቢደበዝዝ አትደንግጡ፤ ዘይቱ እንባው ላይ ሲዘረጋ እንደዚያ ይሆናል፣ ይጠራል።

የሚያምና የቀላ ስታይ ከሆነ ግን ማሸቱ ይቅር። ጨርቁ ብቻ ይበቃል። ሙቀቱ መግሉን ወደ ላይ ያመጣዋል፣ ራሱ ይፈነዳል። በጥፍር ማፍረጥ፣ በመርፌ መውጋት ግን አደጋ አለው፤ መግሉን ወደ ውስጥ መግፋት ማለት ነው።

ቀጥሎ ጽዳቱ ነው፤ ይህኛው በተለይ ለብሌፋራይቲሱ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ እስኪል በበረደ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ። ንጹሕ ጥጥ ወይም የጣት ጫፍ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ የሽፋሽፍቱን ሥር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መጥረግ። የሚጸዳው ቆዳው አይደለም፤ ሽፋሽፍቱ የበቀለበት መስመር ነው። ቅርፊቱ ያለው እዚያ ነው። ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ጥጥ። ከዚያ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ማለቅለቅ። ሻምፖው ካቃጠለ ወይም ቆዳን ካደረቀ ተዉት፤ ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ብቻውንም ይሠራል። ትልቅ ሰው የሚታጠብበት ሻምፖና የልብስ ሳሙና ግን አይነካም። ጽዳቱ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። ቅባቱ ሐኪም ካዘዘው፣ ቦታው ከጽዳቱ በኋላ ነው፤ ቅርፊት ላይ የተቀባ ቅባት ቅርፊቱን እንጂ ቆቡን አያገኘውም።

ኩሉን በተመለከተ እሷ ጠይቃኝ ነበር። ከሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ፣ ጠርዙ ላይ የሚሰመር ኩል የሚያርፈው በቀጥታ እነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ነው። ይደፍናቸዋል። እስኪድን ይቅር፣ ሲመለስም ከሽፋሽፍቱ ውጪ ይሁን። አንድ ኩል ለቤተሰብ ሁሉ ማዞር ደግሞ ባክቴሪያውን አብሮ ማዞር ነው። ሰርግ ላይ የምትሠሩ ሜካፕ አርቲስቶችም ይህቺን ብትሰሙኝ ጥሩ ነበር።

እንግዲህ የጎረቤቴ ነገር እንዲህ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዓይኗ ጠዋት መጣበቁን ተወ፣ የከሰዓቱ ማቃጠልም ቀነሰ። እብጠቷ ግን እዚያው ናት። «ይኸው አልጠፋም» ብላ ልትተወው ነበር። ካላዚዮን ግን በሳምንት የሚጠፋ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ዘይቱ መፍሰስ መጀመር አለበት፣ ከዚያ የተጠራቀመውን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይወስደዋል። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ስንነካት ለስለስ ብላለች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ምስር ታክል ነበር፤ ከሩቅ አትታይም። አሁን ሙቅ ጨርቁን በቀን አንድ ጊዜ ማታ ታደርገዋለች። ዕጢዎቿ ያው የድሮዎቹ ስለሆኑ ይህን ብትተው ሌላ ቦታ ላይ ሊወጣባት ይችላል።

ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አይሆንም። ቤት ውስጥ መቆየት የሌለበትን መለየት ያስፈልጋል። ቆቡ ሙሉ በሙሉ አብጦ ዓይኑ አልከፈት ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ሲያንቀሳቅስ ካመመው፣ ዓይኑ ወደ ፊት የወጣ ከመሰለ፣ እይታው ከቀነሰ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ኢንፌክሽኑ ከቆቡ አልፎ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። በተለይ ሕፃን ላይ። ይህ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው፤ ሙቅ ጨርቅም ሆነ ቅባት አይጠበቅበትም።

ትንሽ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ላይኛው ቆብ ላይ የወጣ ትልቅ ካላዚዮን ዓይኑን ይጫነዋል፣ የፊተኛውን ክፍል ቅርጽ ያዛባል፣ ወይም ቆቡ ወርዶ ብሌኑን ይሸፍናል። ማየትን ገና እየተማረ ያለ ዓይን ለረጅም ጊዜ እንደዚህ ከቆየ ሰነፍ ዓይን ሊሆን ይችላል። አያምም ብላችሁ አትተዉት።

ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ጠብታንም ላንሳ። ዴክሳሜታሶን የተቀላቀለበት ጠብታ ቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ግን ስቴሮይድ ነው። ሰዎች ለወራት እየደጋገሙ ሲጨምሩት የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በግፊት የተጎዳ ነርቭ አይመለስም። ለብሌፋራይቲስ ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሊያዘው ይችላል፣ ያኔም ግፊቱን እየለካ ነው። ለጠናበት ብሌፋራይቲስ የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊንም በራስ የሚጀመር አይደለም፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ አይሰጥም።

ሙቀቱን በትክክል ለአንድ ሁለት ወር ሞክሮ ካላዚዮኑ እዚያው ከቆመ፣ የዓይን ሐኪም ሊያወጣው ይችላል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ካለው የዓይን ክፍል ጀምሮ የዓይን ሐኪም ያለበት ቦታ ሁሉ የሚሠራ ትንሽ ሥራ ነው። ማደንዘዣ መርፌ ቆቡ ላይ ይሰጣል፤ የሚያመው እሱ ነው። ከዚያ ቆቡ ይገለበጥና ከውስጥ በኩል ተቀድዶ ይጠረጋል። ከውስጥ ስለሆነ ፊት ላይ ጠባሳ አይቀርም፣ ስፌትም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ዓይኑ ለጥቂት ሰዓት ይሸፈናል፣ ሰውየው በዕለቱ ቤቱ ይገባል። ለአንዳንዱ ሰው ከመቅደድ ይልቅ እብጠቱ ውስጥ ስቴሮይድ መርፌ መስጠት ይመረጣል።

በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ላይ፣ ወጥቶ የነበረው እብጠት እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ከተመለሰ፣ ወይም እብጠቱ ባለበት ላይ ሽፋሽፍቱ ከረገፈ፣ የወጣው ሥጋ ተጥሎ አይታለፍም። ከዚያው ከዘይት ዕጢ የሚነሳ፣ ካላዚዮን መስሎ የሚቆይ ካንሰር አለ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። የሚለየው ግን በማይክሮስኮፕ ብቻ ስለሆነ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላክልኝ ብሎ መጠየቅ ይገባል።